ከሃያ ዓመት የቡና ሥራ በኋላ ወደ ኬሚስትሪ፦ የአንዲት አመልካች ጽሑፍ እንዴት ተሠራ

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

ለዓመታት የድህረ ምረቃ አመልካቾችን ፋይል ከሚያነቡ መምህራን አንዱ ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጅማ ውስጥ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ግን አሁንም የማመልከቻ ጽሑፋቸውን ይዘው ይመጣሉ። እነሱ «ስቴትመንት» ይሉታል። አመልካቹ ለምን መማር እንደፈለገና ትምህርቱን ለምን ሊወጣው እንደሚችል የሚያስረዳበት የአንድ ወይም የሁለት ገጽ ጽሑፍ ነው።

ትናንት የተመረቀ ልጅ ይህን ጽሑፍ ሲጽፍ ብዙ የሚያስረዳው ነገር የለም። ውጤቱ ትኩስ ነው፣ መምህራኑም ያስታውሱታል። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመለስ ሠራተኛ ግን ሌላ ነው። ያውም በትርፍ ጊዜው፣ ያውም ሲሠራበት ከኖረው ሙያ ውጪ ሲሆን፣ ፋይሉን የሚያነበው ሰው ገና ስሙን ሳይጨርስ መጠራጠር ይጀምራል። ቀጥሎ የማቀርበው የአንዲት ሴት ጉዳይ ይህን ጥርጣሬ ምን እንደሚመልሰውና ምን እንደማይመልሰው በደንብ ያሳያል። በፈቃዷ ነው የምጽፈው። ስሟን፣ የድርጅቷን ስምና እሷን የሚያሳውቁ ነገሮችን ትቻለሁ።

አመልካቿና ሥራዋ

አመልካቿ ወደ እኔ ስትመጣ 42 ዓመቷ ነበር። በ1996 ዓ.ም. በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛለች። መምህር ለመሆን ነበር ሐሳቧ። የምደባ ጊዜ እስኪደርስ ብላ አንድ ቡና አጣቢ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ መዝጋቢ ሆና ገባች። እዚያው ቀረች። ገንዘብ ያዥ ሆነች፣ ኋላም የእሸት ቡና ግዢ ኃላፊ።

ሥራዋን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚያጠነጥነው። በጅማ አካባቢ ቀይ እሸት በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ገበሬው ቀን ሲለቅም ይውልና ከሰዓት በኋላ ወይም አመሻሽ ላይ ያመጣል። እሸቱ ካደረ በራሱ መብላላት ስለሚጀምር ጥራቱ ይበላሻል። ስለዚህ በዚያው ምሽት ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ ይብላላል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ ወደ ማድረቂያ አልጋ ይወጣል። እሷ ሚዛኑ አጠገብ ቆማ ታስመዝናለች፣ ትከፍላለች፣ ትመዘግባለች። በእነዚህ ወራት ቅዳሜ የለም፣ እሑድ የለም። ከጥር በኋላ ሥራው ይቀላል።

ለመማር ያነሳሳት ነገር ከጣቢያው በታች ያለው ወንዝ ነው። ቡና የታጠበበት ውኃ ስኳርና ሌላ በቀላሉ የሚበሰብስ ነገር ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ እንዲሰርግ ይደረጋል። እሸት በገፍ በሚገባበት ሳምንት ግን ጉድጓዱ ሞልቶ ይፈሳል። በታች ያሉ ሰዎች ውኃው ሸተተ፣ ከብቶቻችን አልጠጣም አሉ ብለው ይመጣሉ። ነገሩ በሽማግሌ ይያዛል፣ ድርጅቱ የሆነ ነገር ይከፍላል፣ በዓመቱ ይደገማል። ከፋይዋ እሷ ስለሆነች በየዓመቱ እዚያ ትቀመጣለች። አንድ ነገር ከነከናት። ስንት ውኃ እንደወጣ ድርጅቱም፣ ሽማግሌውም፣ ከሳሹም አያውቅም።

ስለዚህ በሳምንት መጨረሻ በሚሰጥ መርሐ ግብር በአካባቢ ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ወሰነች።

የመጀመሪያው ረቂቅ

በመስከረም 2016 መጨረሻ ላይ ረቂቋን ይዛ መጣች። የዚያ ዓመት ማመልከቻ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው። ሦስት ገጽ ሙሉ ነው። የሚጀምረው እንዲህ ነበር፦

«ከልጅነቴ ጀምሮ ለትምህርት ልዩ ፍቅር ነበረኝ። በቤተሰብ ችግር ምክንያት ፍላጎቴን ሳላሳካ ብዙ ዓመት አለፈ። ዕድሜዬ ቢገፋም ለመማር አይረፍድም ብዬ አምናለሁ።»

ከዚያ የሕይወት ታሪኳ ይቀጥላል። የሁለተኛ ዓመት ውጤቷ ለምን እንደወረደ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፋለች። አባቷ ታሞ ነበር። በጣም የሚያሳዝን ነው፣ እውነትም ነው። ስለ ሥራዋ የተጻፈው ግን አራት መስመር ብቻ ነበር፦ ታታሪ ነኝ፣ ልምድ አለኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ። ስለ ወንዙ መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ስለ ጉድጓዱ ምንም የለም። የውኃውን ጉዳይ የነገረችኝ በቃል ነው፣ ያውም ቡና እየጠጣን፣ ለመሄድ ስትነሳ።

«ይሄን ለምን አልጻፍሽውም?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሥራ ጣጣ ነው። ለዩኒቨርሲቲ የሚጻፍ መሰለህ?»

አብዛኞቹ በሥራ ላይ የቆዩ አመልካቾች እንዲህ ያስባሉ። ሥራቸውን እንደ ባከነ ጊዜ ይቆጥሩትና ይቅርታ ይጠይቁበታል። የሚያነበው መምህር ግን ይቅርታ አይፈልግም።

አንባቢው የሚጠራጠረው ምኑን ነው

ፋይል ሳነብ ከነበርኩበት ጊዜ የማስታውሰውን ልናገር። እንዲህ ዓይነት ማመልከቻ ሲመጣ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚነሱት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። የተማረችው ኬሚስትሪ አሁንም አለ ወይስ ጠፍቷል? ለምን ይህን ትምህርት፣ ለምንስ አሁን? በትርፍ ጊዜ ጀምራ ትጨርሳለች ወይስ በሁለተኛው ሴሚስተር ትጠፋለች?

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። በትርፍ ጊዜ የሚማሩ ሰዎች የሚያቋርጡት በአብዛኛው ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም። ሥራው ቅዳሜያቸውን ስለሚወስድባቸው ነው። የእሷ ደግሞ ገና ከመጀመሩ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተርና የእሸት ወቅት አንድ ላይ ነው የሚውሉት። ጅማ ያለ መምህር ሁሉ ይህን ያውቃል። ጽሑፏ ይህን ሳያነሳ ካለፈ፣ አላሰበችበትም ማለት ነው ብሎ ያልፋል።

የዚያ ዓመት ማመልከቻ ይለፍሽ አልኳት። ደስ አላላትም። አንድ ዓመት በ42 ዓመት ብዙ ነው። ግን ሦስቱም ጥያቄዎች በአጻጻፍ ብልሃት የሚመለሱ አልነበሩም። መጀመሪያ የሚሠራ ነገር ነበረ፣ ወቅቱም ሊገባ ነበር።

መዝገቡና በርሜሉ

የመጀመሪያው ሥራ የራሷን መዝገብ እንደገና ማንበብ ነበር። በየቀኑ የገባውን እሸት በኪሎ መዝግባለች። ለውኃ ፓምፑ የተቀዳውን ናፍጣም በሊትር መዝግባለች፣ ምክንያቱም ናፍጣ ይሰረቃል። ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው ሰው ግን አልነበረም።

አንድ ቀን እንውሰድ። በዚያ ቀን 9,000 ኪሎ እሸት ገብቷል። ለፓምፑ 9 ሊትር ናፍጣ ተቀድቷል። ፓምፑ በሰዓት ስንት እንደሚበላ ለማወቅ ታንከሩን ሞልታ አንድ ሰዓት አስነሳችውና መልሳ ሞላችው። ሊትር ተኩል ገባ። ስለዚህ ፓምፑ በዚያ ቀን 6 ሰዓት ሠርቷል ማለት ነው። ፓምፑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ በሰዓት 20,000 ሊትር ይገፋል ይላል። በዚህ ከተሄደ በቀን 120,000 ሊትር ውኃ፣ ለአንድ ኪሎ እሸት ከ13 ሊትር በላይ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ኬሚስቷ የተመለሰችው። በጽሑፉ አላመነችም። ፓምፑ አርጅቷል፣ ውኃውንም ወደ ዳገት ነው የሚገፋው። ፓምፕ የሚገፋበት ከፍታ ሲጨምር የሚሰጠው ውኃ ይቀንሳል። ስለዚህ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ቱቦው አፍ ላይ አስቀምጣ በስልኳ ሰዓት ለካች። በ48 ሰኮንድ ሞላ። ይህ በሰዓት 15,000 ሊትር ነው። ደጋግማ ስትለካውም እዚያው አካባቢ ሆነ። የቀኑ ውኃ 90,000 ሊትር፣ ለአንድ ኪሎ እሸት 10 ሊትር ሆነ።

ይህን ለወቅቱ ቀናት ሁሉ ሠራችው። የወጣው ነገር አስገራሚ ነበር። ትንሽ እሸት በገባበት ቀን ለአንድ ኪሎ የሚወጣው ውኃ ከፍ ይላል፤ ማሽኑ ባዶም ሆነ ሙሉ ውኃው ይፈሳልና። ጉድጓዱ የሚሞላው ግን ብዙ በገባበት ሳምንት ነው። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ መፍትሔያቸውም ይለያያል። ሽማግሌዎቹ ፊት ግን አንድ ሆነው ነበር የሚቀርቡት።

በኅዳር ደግሞ የውኃን አሲድነት የሚያሳይ የፒኤች መለኪያ ወረቀት ገዝታ ወደ ጣቢያው የሚገባውን ውኃና ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ለካች። የሚገባው 7 አካባቢ ነው። የጉድጓዱ 4 አካባቢ። ፒኤች ሲቀንስ አሲድነቱ ይጨምራል፤ አንዱ ቁጥር አሥር እጥፍ ስለሆነ ይህ የአንድ ሺህ እጥፍ የአሲድነት ልዩነት ነው። ስኳሩ በጥቃቅን ተሕዋሲያን ተብላልቶ ወደ አሲድ ይለወጣል።

የጠፋውን ትምህርት መመለስ

ከጥር በኋላ ሥራው ሲቀል ወደ ድሮ ደብተሮቿ ተመለሰች። ሁሉንም ኬሚስትሪ እንዳትጀምር መከርኳት። ለውኃ ምርመራ የሚያስፈልገው በናሙና ውስጥ ምን ስንት እንዳለ የሚለካው አናሊቲካል ኬሚስትሪ ነው፤ ሞላሪቲ፣ ማቅጠን፣ በጠብታ እየጨመሩ መጠን የሚለኩበት ታይትሬሽን፣ የስህተት ስሌት። እነዚህን ብቻ አጥብቂ አልኳት። አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ታይትሬሽን እንድትለማመድ ረዳት። መጀመሪያ ላይ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የመጨረሻዋን ጠብታ አሳልፋ ትጨምራለች። ኋላ ተስተካከለ።

ከዚያ ቢኦዲ የሚባለውን መለኪያ አጠናች። ውኃ ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ጥቃቅን ተሕዋሲያን በአምስት ቀን ሲበሉት ስንት ኦክሲጅን እንደሚጨርሱ የሚለካ ነው። ናሙናው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ለቡና ውኃ አንድ ወጥመድ አለው፤ እሱን ማወቅ አለማወቅ ሰውን ይለያል። በዚህ ሙቀት ውኃ ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅን በባሕር ጠለል በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ነው። ጅማ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፣ መጠኑም ወደ 7.5 ይወርዳል። የቡና ማጠቢያ ውኃ ደግሞ በሊትር በሺዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ኦክሲጅን ይፈልጋል። ናሙናውን እንዳለ ጠርሙስ ውስጥ ብትጨምሪው ኦክሲጅኑ በሰዓታት ያልቃል። በአምስተኛው ቀን የምታነቢው ዜሮ ነው፣ ዜሮ ደግሞ ምንም አይነግርሽም።

ስለዚህ ይቀጥናል። 3,000 ይሆናል ተብሎ ከተገመተ 600 ጊዜ ቢቀጥን ከ7.5ቱ ኦክሲጅን 5 ሚሊግራም ያልቃል፣ 2.5 ይተርፋል። ይህ የሚነበብ ውጤት ነው። በ300 ሚሊሊትር ጠርሙስ ውስጥ ግማሽ ሚሊሊትር ናሙና ማለት ነው። ያን ያህል ጥቂት በቀጥታ መለካት ስህተት ስለሚያበዛ በሁለት ደረጃ ማቅጠን ይሻላል። ከማቅጠኑ በፊትም አሲድነቱ መስተካከል አለበት፤ በፒኤች 4 ተሕዋሲያኑ በደንብ አይሠሩምና። ይህን ስሌት በወረቀት ሠርታ አሳየችኝ። እኔ አልነገርኳትም።

ቅዳሜን መግዛት

ሦስተኛው ጥያቄ ከአለቃዋ ጋር የሚያልቅ ነበር። ድርጅቱ የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈላት፦ «ለትምህርቷ አስፈላጊውን ትብብር እናደርጋለን።» ይህ ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ቢገባም ባይገባም ለውጥ የለውም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሁሉም ሰው ያመጣል።

መልሳ ሄደች። ይዛ የሄደችው ልመና ሳይሆን ሐሳብ ነበር። ረዳቷን ሚዛኑን፣ ክፍያውንና መዝገቡን አሠልጥናለች። በእሸት ወቅት ቅዳሜ ጠዋት ረዳቷ ይይዛል፣ እሷ ከሰዓት በኋላ ከክፍል ትመለሳለች። እሸት ደግሞ የሚመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ቅዳሜ ለጠፋው ግማሽ ቀን ከጥር በኋላ የዓመት ፈቃዷን ታስተካክላለች። አለቃዋ ጥቂት አንገራግረው በዚህ ተስማሙ። አዲሱ ደብዳቤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የረዳቷን የሥራ መደብ ይጠቅሳል።

በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ፣ ከሁለተኛው ጀምሮ ሁለት ሁለት እንደምትወስድ ወሰነች። ትምህርቱ እንደሚረዝም ታውቃለች። በጽሑፏም ራሷ አለችው።

የተላከው ጽሑፍ

ማመልከቻው በክረምቱ ገባ። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ዋና ዋናውን ሐሳብ በአማርኛ እነሆ፦

«የምሠራበት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ እሸት በብዛት በሚገባበት ሳምንት የቆሻሻ ውኃ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ ወንዝ ይፈሳል። በየዓመቱ ክርክር ይነሳል፣ ስንት ውኃ እንደወጣ ግን የሚያውቅ የለም። የእሸት ግዢ ኃላፊ ስለሆንኩ የእሸቱም የናፍጣውም መዝገብ በእጄ ነው። ከእነዚህ ሁለቱ የየቀኑን ውኃ ገመትኩ። ፓምፑ ላይ የተጻፈው መጠን በርሜል ሞልቼ ከለካሁት ጋር ስላልተስማማ የለካሁትን ተጠቀምኩ። ብዙ እሸት በገባበት ቀን ለአንድ ኪሎ 10 ሊትር ገደማ ይወጣል።

«መጠኑን ገምቻለሁ። ውኃው የተሸከመውን ግን መለካት አልችልም። ለዚያ የሚያስፈልገኝን ትምህርት ፍለጋ ነው የማመለክተው።

«የመጀመሪያ ዲግሪዬ ውጤት በሁለተኛው ዓመት ዝቅተኛ ነው። በቤተሰብ ሕመም ምክንያት ነበር። በአናሊቲካል ኬሚስትሪ ያገኘሁት ‹ቢ› ነው፤ ባለፉት ወራት ይህንኑ ትምህርት ከላብራቶሪ ልምምድ ጋር ከልሻለሁ።

«ሥራዬ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይበዛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ብቻ እወስዳለሁ። የአሠሪዬ ደብዳቤ ቅዳሜ ጠዋት እንዴት እንደሚሸፈን ያሳያል።»

ከመጀመሪያው ረቂቅ የተረፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ስለ ቤተሰብ ሕመሙ። አንድ ገጽ የነበረው ወደ አንድ መስመር ወረደ። ይህን ስንቆርጥ አዝና ነበር፣ እኔም ገብቶኛል። ግን አንባቢው ስለዚያ ዓመት ማወቅ የሚፈልገው ምክንያቱ መኖሩንና ማለፉን ብቻ ነው። ዕድሜን ጨርሶ አወጣነው። የተመረቀችበት ዓመት ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ማንም ይደምራል።

ያልሠራው

ሁሉ ነገር አልተሳካም። የፒኤች ንባቦቿን አማካይ አውጥታ «4.27» ብላ ጽፋ ነበር። የወረቀት መለኪያ ቀለሙን በዓይን አይተው የሚያነቡት ነው፤ ከሙሉ ቁጥር ወይም ከግማሽ በላይ አይለይም። ሁለት ዴሲማል ማስቀመጥ ኬሚስት የሚያነበውን ፋይል ወዲያው ያስጠረጥራል። «4 አካባቢ» ተብሎ ተስተካከለ።

የምክር ደብዳቤዎቹም እኩል አልሆኑም። የድሮ መምህሯን ብትፈልግ አላገኘቻቸውም። የቅርብ አለቃዋ የጻፉት ታማኝ፣ ታታሪ፣ ሰው አክባሪ ናት ይላል። ሁሉም እውነት ነው፣ ለትምህርት መቻሏ ግን ምንም አያሳይም። የጠቀማት አንድ የግብርና ባለሙያ የጻፈላት ነው። በርሜሉን ስትለካ እዚያ ነበር። ምን እንዳደረገች፣ የፓምፑን ጽሑፍ ለምን እንዳላመነች በሁለት አንቀጽ ጽፏል። ዲግሪው ከእሷ አይበልጥም፣ ስሙም አይታወቅም። በቃለ መጠይቁ ላይ የተጠቀሰው ግን የእሱ ደብዳቤ ነው።

ሦስተኛው የጥናት ርዕሱ ነው። በጽሑፉ መጨረሻ ላይ «በጅማ ዞን ወንዞች ላይ የቡና ማጠቢያዎች ተጽዕኖ» የሚል ርዕስ አስገብታ ነበር። ይጥበብ ብያት ነበር፣ እሷ ግን ሰፊ ርዕስ ያስከብራል ብላ አሰበች። ቃለ መጠይቁ ላይ ስንት ጣቢያ፣ በየስንት ቀን፣ ናሙናው በስንት ሰዓት ላብራቶሪ ይደርሳል ብለው ጠየቋት። በሥራና በትምህርት የተያዘ ሰው ያን ሁሉ መዞር አይችልም። መልስ አልነበራትም።

ውጤቱ

የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ተፈትና አለፈች። በዚህ ላይ ጽሑፉ ምንም ሊያግዛት አይችልም ነበር፤ ፈተናውን ያላለፈ ሰው ፋይል የሚነበብበት ደረጃ ላይ አይደርስም።

በቃለ መጠይቁ ላይ ከጉድጓዱ ናሙና ቢመጣላት መጀመሪያ ምን እንደምታደርግ ጠየቋት። ፒኤቹን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ አቀጥናለሁ አለች፤ ለምን እንደሆነም አስረዳች። ተቀበሏት፣ ግን ቅድመ ሁኔታ ነበረው። በመሣሪያ የሚደረግ ምርመራን የሚያስተምር አንድ የመጀመሪያ ዲግሪ ኮርስ ያለ ክሬዲት እንድትወስድ ተባለች። እሷ በተማረችበት ጊዜ ያላየቻቸው መሣሪያዎች ናቸው። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቅዳሜው ስምምነት ሙሉ በሙሉ አልያዘም። በኅዳር አጋማሽ ረዳቷ ታሞ ቅዳሜዎች አመለጧት፣ አንድ አጭር ፈተናም አለፋት። ኮርሱን በ«ቢ ማይነስ» ጨረሰች። ሁለት ኮርስ ይዛ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም ታበላሽ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች። የጥናት ርዕሷ አሁን አንድ ጣቢያ ነው፤ ከጣቢያው በላይና በታች ሁለት ሁለት ቦታ፣ በእሸት ወቅትና ከወቅት ውጪ።

ለሌላ አመልካች የሚተርፈው

ተመሳሳይ ጉዳይ ይዞ ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው «ሥራህ ላይ በየቀኑ የምትመዘግበው ምንድን ነው?» የሚለውን ሆኗል። ጋራዥ የሠራ የመለዋወጫ ደረሰኝ አለው። ፋርማሲ የሠራች ያለቀ መድኃኒት ዝርዝር አላት። መዝገቡ ለሌላ ዓላማ የተያዘ ስለሆነ ሰው አያየውም። ወደሚገቡበት ትምህርት ጥያቄ ሊለወጥ ይችል እንደሆነ መፈተሽ አለበት። ካልተለወጠ በግድ መጎተት አያስፈልግም፤ ተቀባይ መምህራን የተጎተተውን ያውቁታል። አሠሪው መዝገቡን ለመጠቀም መፍቀዱም በጽሑፍ መያዝ አለበት። የእሷ ድርጅት መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ክስ ያመጣብናል ብሎ ፈርቶ ነበር። የጣቢያው ስም ሳይጠቀስ ለትምህርት ብቻ እንዲሆን ተስማምተው ነው የፈቀዱት።

ሁለተኛው ስለ ክለሳው ነው። «እያነበብኩ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አይታመንም። አንድ ስሌት ወይም አንድ የላብራቶሪ ልምምድ ግን ቃለ መጠይቅ ላይ ሊፈተን ይችላል፣ ስለዚህም ይታመናል። ለሚገቡበት ትምህርት የሚያስፈልገውን ጠባብ ክፍል መርጦ እሱን በደንብ መያዝ ይበቃል።

ሦስተኛው የጊዜው ቅደም ተከተል ነው። ሰዎች ጽሑፉን መጀመሪያ ይጽፋሉ፣ የአሠሪውን ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ይሮጣሉ። እሷ ያደረገችው ተቃራኒውን ነው። ረዳት ማሠልጠን ወራት ይፈጃል፣ የእሸት ወቅት መለኪያም በዓመት አንዴ ብቻ ይገኛል። ጽሑፉ ራሱ በሁለት ሳምንት አለቀ። አሁን ለሚቀጥለው ዓመት የሚያስቡ ሁለት የቡና ሠራተኞች አሉኝ። ሁለቱንም ገና ከነሐሴ ጀምሮ በርሜል፣ የፒኤች ወረቀትና ለአለቃቸው የሚቀርብ የቅዳሜ ሐሳብ እንዲያዘጋጁ ነግሬያቸዋለሁ።